ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዘጠኝ ሰይፍ፦ በአዲስ ፍቅር ጭንቀትን ከትንቢት መለየት

ባለፈው ኦክቶበር መጨረሻ፣ ሐሙስ ሌሊት፣ ኬንት ኢስት ሂል ባለው ክፍሌ ወለል ላይ ተቀምጬ ሦስት የታሮት ካርታ አወጣሁ። ውጭ ይዘንባል። እናቴ ከግድግዳው ማዶ ተኝታለች፤ ካርታ እንዳለኝ ብታውቅ ጠዋት በጠበል ነበር የምትቀሰቅሰኝ። ስልኬ 3:04 ይላል። ከልጁ ጋር ከተዋወቅን ስድስት ሳምንት ሆኖናል፤ የተገናኘነው በእንቁጣጣሽ ዝግጅት ላይ ነው። ማታ 5:10 ላይ የላክሁለት «ደረስክ?» የሚል መልእክት እስካሁን መልስ አላገኘም።

የመጀመሪያው ካርታ ሁለት ጽዋ ነበር፤ ወንድና ሴት ፊት ለፊት ቆመው ጽዋ ይዘዋል። ሁለተኛው ዘጠኝ ሰይፍ፣ ሦስተኛው ጨረቃ። እኔ የምጠቀምበት አደራረግ ቀላል ነው፤ ግራው ያለፈው፣ መሃሉ አሁን ያለው፣ ቀኙ የሚመጣው። በሁለት ሰከንድ ውስጥ አነበብኩት፦ ፍቅር ነበር፣ አሁን ስቃይ ነው፣ የሚመጣው ማታለል ነው። ሌላ ሴት አለች። በዚያ ላይ በእናቴ አቆጣጠር ሰዓቱ ልክ ከሌሊቱ ዘጠኝ ነበር፣ ካርታውም ዘጠኝ። ከዚህ በላይ ምን ምልክት ይፈለጋል?

በኋላ ሁለት ጓደኞቼ ከእነዚሁ ካርታዎች ጋር ተመሳሳይ ሌሊት አሳልፈው «ልቤ እየነገረኝ ነው ወይስ እያበድኩ ነው?» ብለው ስለጠየቁኝ ነው ይህን የምጽፈው። ካርታ ወደፊቱን ያውቃል ብዬ አላምንም። ግን ሥዕሎቹን በደንብ ማየት የቻለ ሰው በዚያ ሰዓት የሚናገረው ማን እንደሆነ መለየት ይችላል ብዬ አምናለሁ፤ እነዚህ ሁለቱ ካርታዎች ደግሞ ለዚህ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣሉ።

ለማያውቁት፦ አንድ የታሮት ጥቅል 78 ካርታ አለው። 22ቱ ትልልቆቹ ናቸው፤ ጨረቃ ከእነሱ 18ኛዋ ናት። ቀሪዎቹ 56ቱ እንደ ተራ የመጫወቻ ካርታ በአራት ይከፈላሉ፦ ዘንግ፣ ጽዋ፣ ሰይፍና ሳንቲም። ነገሩ ከጥንት ግብፅ የመጣ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው፤ እውነቱ ግን በ15ኛው መቶ ዘመን ሰሜን ጣልያን ውስጥ ለጨዋታ የተሠራ ካርታ ነው። ዕጣ ማያ ሆኖ የተስፋፋው ከ18ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ፈረንሳይ ውስጥ ነው። ዛሬ አብዛኞቻችን የምንይዘውን ጥቅል ሥዕል የሣለችው ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ናት፤ አሠሪዋ አርተር ኤድዋርድ ዌይት ነበር፤ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ላይ ነው። ይህን የማነሳው ሥዕሎቹን አንድ ሰው አስባባቸው እንደሣለቻቸው ለማስታወስ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ዝርዝር ሊነበብ ይችላል።

አሁን ዘጠኙን ሰይፍ እንየው። አንዲት ሴት አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛለች። ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ጥቁር ነው፤ ዘጠኝ ሰይፎች አንዱ ካንዱ በላይ ተጋድመዋል። ብርድ ልብሷ ላይ ጽጌረዳና የከዋክብት ምልክቶች ተሥለዋል። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው የለም። በር አልተሰበረም፣ ደም የለም፣ አንዱም ሰይፍ አልወጋትም። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ ያችው ሠዓሊ ሰው መጎዳቱን ለማሳየት ስትፈልግ እንዴት እንደምትሥል እናውቃለን። በሦስት ሰይፍ ካርታ ላይ ሦስቱም ሰይፎች ልብ ውስጥ ገብተዋል። በአሥር ሰይፍ ላይ ሰውየው መሬት ላይ ተደፍቶ አሥሩም ጀርባው ላይ ተተክለዋል። እዚህ ግን ሰይፎቹ ከኋላዋ ናቸው፤ እሷ ደግሞ እንኳን ልታያቸው ዐይኗን ሸፍናለች። ሕመሙ እውነት ነው፤ ሰይፉ ግን ገና አልነካትም።

ብዙ ሰው የማያየው አንድ ነገር አለ። የአልጋው ጎን ላይ የተቀረጸ ሥዕል አለ፤ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንዱ ሌላውን ሲጥለው ያሳያል። ሴትየዋ የተኛችው በድሮ ጠብ ላይ ነው። እኔ ይህን ሳስተውል ነው ካርታውን እንደገና የጀመርኩት፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ጨረቃ ሌላ ነገር ናት። እዚህ ሰው የለም። ከላይ ጨረቃ፣ በግራና በቀኝ ሁለት ግንብ፣ ከታች ኩሬ፣ ከኩሬው ውስጥ እየወጣ ያለ ባለ ጥፍር የውሃ ፍጥረት፣ መሃል ላይ ውሻና ተኩላ ወደ ላይ ይጮኻሉ። በመካከላቸው ቀጭን መንገድ ከኩሬው ተነስቶ በግንቦቹ መሃል አልፎ እስከ ተራራው ይሄዳል። ዌይት በ1911 በታተመው መጽሐፉ ውሻውና ተኩላው በተውሶ ብርሃን ብቻ ወደማይታወቅ ቦታ የሚሄድ አእምሮ ፍርሃቶች መሆናቸውን ይናገራል። እኔን የያዘኝ «የተውሶ ብርሃን» የሚለው ሐሳብ ነው። ጨረቃ የራሷ ብርሃን የላትም። በእሷ ብርሃን ውሻና ተኩላ አንድ ይመስላሉ፤ አንዱ ለማዳ ነው፣ ሌላው ይነክሳል፣ እስኪነጋ ግን የትኛው የትኛው እንደሆነ አታውቁም። ካርታው «ተኩላ ነው» አይልም። «ገና አይታይም» ነው የሚለው። መንገዱ ደግሞ አልተዘጋም።

ታዲያ ስሕተቱ ከየት ይመጣል? ከትርጉም ዝርዝሩ ነው። ያው ዌይት ለዘጠኝ ሰይፍ ከሰጣቸው ትርጉሞች ውስጥ ሞት፣ ውድቀት፣ መዘግየት፣ ማታለልና ተስፋ መቁረጥ አሉ። ለጨረቃ ደግሞ ስውር ጠላት፣ አደጋ፣ ስም ማጥፋትና ማታለል። «ማታለል» ሁለቱም ላይ አለች። በሌሊት የፈራ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያገኝ ከዝርዝሩ ውስጥ ያቺን አንዲት ቃል ይመርጣል፤ «መዘግየት» የሚለውን ግን ይዘልላል። እኔ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ልጁ መልስ ዘገየ፤ «መዘግየት» ከዝርዝሩ ውስጥ ቁጭ ብላ እያየችኝ ነበር።

«ሕልም እንደ ፈቺው ነው» የሚባለው ለዚህ ይመስለኛል። የእናቴ ጓደኛ ቡና ከተጠጣ በኋላ ሲኒ ታነባለች። «መንገድ አለሽ፣ እንግዳ ይመጣል» ትላለች፤ ግን ሲኒውን ከማየቷ በፊት የባለቤቷን ፊት ታያለች፤ ብዙዎቹንም ሃያ ዓመት ታውቃቸዋለች። አንድ ቀን «እትዬ፣ ሲኒው ላይ ምን አዩ?» ብላት «የኔ ልጅ፣ አተላ ነው ያየሁት፤ አንቺን ነው ያነበብኩት» አለችኝ። ወደ አውደ ነገሥት ብንሄድም ተመሳሳይ ነው። እዚያ የስምና የእናት ስም ፊደላት በቁጥር ይደመራሉ፣ ድምሩ ለአሥራ ሁለት ተገድፎ ከሐመል እስከ ሑት ያለው ኮከብ ይገኛል፤ ተጋቢዎችም ኮከባቸው ይገጥም እንደሆነ ይታይላቸዋል። ቢያንስ ስሌቱ አንድ ጊዜ ነው የሚሠራው። ስማችሁ በሌሊት አይቀየርም። ካርታ ግን መልሳችሁ ትበውዛላችሁ።

እኔም በወዝኩ። ያን ሌሊት አራት ጊዜ። ቀላል ሒሳብ ነው፤ ግን ማንም አይሠራውም፦ ከ78 ካርታ ሦስት ስታወጡ ዘጠኝ ሰይፍ ወይም ጨረቃ ቢያንስ አንዱ የመውጣት ዕድሉ 7.6 ከመቶ ገደማ ነው። አራት ጊዜ ብትደጋግሙ ግን 27 ከመቶ ይደርሳል፤ ከሩብ በላይ ማለት ነው። አሥር ካርታ በሚያስፈልገው ትልቁ አደራረግ ደግሞ በአንድ ጊዜ ብቻ 24 ከመቶ ነው። ሁለቱም በአንድ ላይ በሦስት ካርታ ውስጥ መውጣታቸው ግን ብርቅ ነው፤ ከ1001 አንዴ። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ደንግጬ «አየሽ፣ ምልክት ነው» ብዬ ነበር። ግን ማንኛውም የመረጣችሁት ጥንድ ከ1001 አንዴ ነው። ሁለት ጽዋና ፀሐይ ቢወጡ ኖሮ ከ1001 አንዴ መሆኑን ማን ይቆጥረው ነበር? የሚያስደነግጠን ሲወጣ ብቻ ነው መቁጠር የምንጀምረው። ስለዚህ የመጀመሪያው መለያ ይህ ነው፦ ጥያቄው አንድ ሆኖ እጃችሁ ሁለተኛ ጊዜ ወደ ጥቅሉ ከሄደ፣ እያነበባችሁ ሳይሆን እየተጨነቃችሁ ነው። መልስ የፈለገ ሰው አንድ ጊዜ ይጠይቃል፤ የፈራ ሰው ግን የሚያረጋጋው እስኪመጣ፣ ሲመጣም እስኪጠራጠረው ይጠይቃል።

ሁለተኛውን መለያ ያገኘሁት ከትምህርቴ ነው። ነርሲንግ ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ ወራት ጀምሮ የሚደጋገምልን ነገር አለ፤ ታማሚው የሚናገረውን እና እኛ የምናየውን ለያይተን መጻፍ። «ያቅለሸልሸኛል» የእሱ ቃል ነው። የደም ግፊቱ ቁጥር፣ የቆዳው ቀለም፣ ያስታወከው መጠን እኛ ያየነው ነው። የመጀመሪያው ውሸት ነው ማለት አይደለም፤ ሕመም ራሱ ከባለቤቱ አፍ በቀር በሌላ አይታወቅም። ግን ቦታቸው ይለያያል፤ ከተቀላቀሉ ቻርቱን የሚያነበው ቀጣዩ ሰው ይሳሳታል። በጨረቃ ካርታ ላይ ያለው ችግር ልክ ይህ ነው፤ በቂ ብርሃን ስለሌለ የተሰማንንና የታየንን መለየት አንችልም።

ዓርብ ጠዋት በስድስት ሰዓት ተኩል፣ ማለት በፈረንጁ 6:30፣ ሦስት ሰዓት እንኳን ሳልተኛ ወረቀት ለሁለት አጠፍኩ። በግራ በኩል የተሰማኝን ጻፍኩ፦ ሰልችቶታል። ሌላ አለች። ባለፈው ቅዳሜ ስንለያይ ሲያቅፈኝ ቸኩሎ ነበር። ዝም ብሎ ሊጠፋ ነው። በቀኝ በኩል ካሜራ ቢኖር የሚቀርጸውን ብቻ፦ መልእክት ላክሁ፣ ሐሙስ 5:10። ማክሰኞ ዕለት «እስከ ቅዳሜ ኦቨርታይም ገብቻለሁ» ብሎ ጽፎልኛል። የሚሠራው በሸለቆው ካሉት መጋዘኖች በአንዱ፣ በሌሊት ፈረቃ ነው። በስድስት ሳምንት ውስጥ የሰረዘው ቀጠሮ የለም፤ አንድ ጊዜ ሃያ ደቂቃ ዘግይቷል፣ ሲዘገይም አስቀድሞ ደውሏል። የያዝኩበት ውሸት የለም።

የቀኙ ዓምድ ውስጥ ሌላ ሴት የለችም። አንድም ቃል ስለ እሷ የሚናገር የለም። ታዲያ ከየት መጣች? የግራውን ዓምድ ደግሜ ሳነብ «ዝም ብሎ ሊጠፋ ነው» የሚለው ላይ ቆምኩ። ሃይስኩል እያለሁ አንድ ልጅ ነበር፤ እንዲሁ በአንድ ሐሙስ ዝም አለ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሌላ ልጅ ጋር የተነሳውን ፎቶ አየሁ። የአልጋው ጎን ላይ የተቀረጸው ጠብ ትዝ አለኝ። የተኛሁት በዚያ ላይ ነው። ሰይፎቹ የእሱ አይደሉም፤ እሱ ክፍሉ ውስጥ ሲገባ ግድግዳው ላይ ቀድመው ተሰቅለው ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ሰውነት አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ ምክንያቱም «ልቤ ነገረኝ» የምንለው ብዙውን ጊዜ ከደረት በታች የሚጀምር ነገር ነው። ስንፈራ ልብ ይፈጥናል፣ አፍ ይደርቃል፣ ሆድ ይገለበጣል፣ እጅ ይቀዘቅዛል። ሰውነት ይህን ደወል ለእውነተኛ አደጋም ለታሰበ አደጋም አንድ ዓይነት አድርጎ ነው የሚደውለው። እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ደወሉን ያጎላዋል። ስለዚህ የስሜቱ ጥንካሬ ማስረጃ አይደለም። ይህን መቀበል ከባድ ነው፤ በተለይ «ቀልቤ አልወደደውም» የሚል ቃል ክብር ባለበት ቤት ላደገ ሰው። ቀልብ የሚያውቀው ነገር የለም እያልኩ አይደለም። ቀልብ አንዳንዴ እኛ ልብ ያላልነውን አይቶ ይሆናል። ግን እንዲህ ከሆነ ያየው ነገር አለ፤ ያም ቀስ ብሎ ሲጠየቅ በቀኙ ዓምድ ላይ ሊጻፍ ይችላል። «ምን አይተሽ ነው?» ሲባል የሚመልሰው ካለ ቀልብ ነው። ያው ታሪክ ከፍ ባለ ድምፅ የሚደገም ከሆነ ጭንቀት ነው።

ስለ ትንቢትም ፍትሐዊ መሆን ይገባል። ካርታው ነገረኝ የምትሉትን ፈትኑት። ትንቢት የሚባል ነገር ካለ ሊሳሳት የሚችል መሆን አለበት። «መጥፎ ነገር ይመጣል» አይሳሳትም፤ አንድ ቀን መጥፎ ነገር መምጣቱ አይቀርምና። ስለዚህ ዓርብ ጠዋት እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «እስከ እሑድ ማታ ስድስት ሰዓት ድረስ ሌላ ሴት እንዳለች አውቃለሁ።» ቀን፣ ሰዓት፣ ማን፣ ምን። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የጻፍኩት፤ ግን ጽፌ ስጨርስ ቂል መሰለኝ። ያም ራሱ አንድ መረጃ ነው። ጭንቀት ዝርዝር አይወድም። ቀን ቁረጥ ሲባል ይንሸራተታል፤ «እሑድ ባይሆን ሌላ ጊዜ» ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካርታ ባወጣሁ ቁጥር እንዲህ እጽፋለሁ። በሁለት ወር ውስጥ 11 ጻፍኩ፤ የደረሱት ሁለት ናቸው፣ ሁለቱም ደግሞ ከመጻፌ በፊት በቀኙ ዓምድ ላይ የነበሩ ናቸው።

ከዚያ ካርታዎቹ የሚሉትን አደረግሁ፤ ሁለቱ የሚፈልጉት ነገር አንድ አይደለም። ዘጠኝ ሰይፍ የሌሊት ካርታ ነው፤ የሚፈልገው ተንከባካቢ ነው። ውሃ፣ መብራት፣ ከአልጋ መውረድ፣ ትንፋሽን ማርዘም፣ ስልኩን ሌላ ክፍል ማስቀመጥ፣ እስኪነጋ ምንም አለመላክ። በዚያ ሰዓት ልልክ ያዘጋጀሁት መልእክት አሁንም ስልኬ ላይ አለ፤ አራት አንቀጽ ነው፣ ሳየው ላብ ያጠምቀኛል። ጨረቃ ግን ማረጋጋት አትፈልግም፤ ብርሃን ነው የምትፈልገው። ብርሃን ማለት መረጃ ነው፤ መረጃ የሚገኘው ሰውየውን በቀን፣ በአንድ ግልጽ ጥያቄ በመጠየቅ ነው። ጨረቃን በማረጋጋት ብቻ ካለፋችኋት ነገ ማታ ትመለሳለች። ዘጠኝ ሰይፍን ደግሞ በጥያቄ ብታጣድፉት፣ ልጁ ሌሊት ሃያ መልእክት ይደርሰዋል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተደዋወልን። ስልካቸው በፈረቃ ወቅት ሎከር ውስጥ ይቀመጣል፤ ቤት ሲገባ ደግሞ ወድቆ ይተኛል። «ሥራ ላይ ስትሆን ስንት ሰዓት ዝም ማለት ላንተ የተለመደ ነው?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «አንድ ቀን፣ ሲብስ ሁለት» አለ። «እኔ ከአንድ ቀን በላይ ሲሆን እቸገራለሁ» አልኩት። ከዚያ በኋላ ወደ ሥራ ሲገባ አንዲት ነጥብ ይልክልኝ ጀመር። ነጥብ ብቻ። ደርሻለሁ፣ ስልኬን ላስቀምጥ ነው ማለት ነበር።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ ግን በተቃራኒው የሚሄድ ስሕተት አለ፣ እሱ ይበልጥ ያስፈራኛል። የማውቃት ልጅ ናት። ፍቅረኛዋ በሁለተኛው ወር የስልኳን ፓስወርድ ጠየቀ። ከዚያ ያለችበትን ቦታ ሁልጊዜ እንድታሳየው። የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ልምምድ ስትሄድ ሁለት ጊዜ ተቆጣ፤ አንድ ቀን መኪናው ውስጥ እጇን ጨብጦ አለቅም አለ። ካርታ ስታወጣ ጨረቃ መጣች። እሷም «ጨረቃ ቅዠት ናት፤ ጭንቀቴ ነው እንጂ እሱ ደህና ልጅ ነው» ብላ ዘጋችው። ስትነግረኝ ወረቀቱን ለሁለት አጥፌ ሰጠኋት። የቀኙ ዓምድ ሞላ፤ የግራው ግን አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «እፈራዋለሁ።» እንዲህ ሲሆን የወጣው ካርታ ምንም ይሁን ምን፣ ዘጠኝ ሰይፍ እንኳን ቢሆን፣ ፍርሃቱ የድሮ አይደለም። ሰይፉ ግድግዳ ላይ አይደለም፣ ሰው እጅ ላይ ነው። «ጭንቀት ነው» የሚለው ቃል፣ በተለይ እንደኛ አዲስ በተማርነው ሰዎች አፍ፣ ሰውን ዝም ለማሰኘት ሊያገለግል ይችላል። ለእሷ የሰጠኋት ቁጥር 1-800-799-7233 ነበር፤ በአሜሪካ የቤት ውስጥ ጥቃት መስመር ነው፣ በማንኛውም ሰዓት ይሠራል።

በሌላው በኩል ደግሞ የቀኙ ዓምድ ባዶ ሆኖ ፍርሃቱ የማይለቅ ከሆነ፣ ስለ ልጁ ብቻ ሳይሆን ስለ ፈተና፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ እናታችሁ ጤና ጭምር ከሆነ፣ ያ የካርታ ጉዳይ አይደለም። ክሊኒኮች ጂኤዲ-7 የሚሉት ሰባት ጥያቄ ያለው አጭር ወረቀት አለ። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፣ ድምሩ እስከ 21 ይደርሳል። 5 ቀላል፣ 10 መካከለኛ፣ 15 ከባድ መነሻ ናቸው። ወረቀቱ በሽታ አይወስንም፤ 10 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ባለሙያ ጋ መሄድ ይገባል፣ ብዙ ኮሌጆችም ለተማሪ አማካሪ አላቸው። እኔ በዚያ ኦክቶበር 12 አገኘሁ። ሄድኩ። ለእናቴ «የትምህርት አማካሪ ጋ ነው» አልኳት፤ ግማሹ እውነት ነው። ሌሊቱ ከዚህም ከከበደ፣ መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣ፣ ቁጥሩ 988 ነው፤ መደወልም መልእክት መላክም ይቻላል።

አሁን «ታዲያ ከልጁ ጋር ምን ሆናችሁ?» ማለታችሁ አይቀርም። በጃንዋሪ ተለያየን። ወንድሙ ያለበት ዳላስ ሥራ አገኘ፣ እኔ ደግሞ ክሊኒካሌን ጥዬ መሄድ አልቻልኩም። ኬንት ጣቢያ አጠገብ ቡና ጠጥተን፣ ሁለታችንም አልቅሰን ነው የተለያየነው።

ከጓደኞቼ አንዷ ይህን ስትሰማ «አላልኩሽም? ካርታው አውቆ ነበር» አለችኝ። ማስታወሻዬን አውጥቼ አሳየኋት። «እስከ እሑድ ማታ ስድስት ሰዓት፣ ሌላ ሴት» ይላል። እሑድ አለፈ፤ ሌላ ሴትም አልነበረችም። ያበቃ ፍቅር ሁሉ ጥቁር ካርታን ትክክል ያስመስለዋል፤ ለዚህ ነው ቀኑንና ነገሩን አስቀድሞ መጻፍ የሚያስፈልገው። እሷ ግን ገጹን ትንሽ ቆይታ አየችና «እሺ፣ የኔንም ወረቀት ለሁለት እጠፊልኝ» አለች። አጠፍኩላት። ግራውን ለመሙላት አንድ ደቂቃ ፈጀባት፤ ቀኙን እስካሁን እየጻፈች ነው።